የግብር ዕዳ መያዣ ቤቴን እንዳልሸጥ ስላገደኝ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ሜሪላንድ የሚገኘውን ቤቴን በ400,000 ዶላር ለመሸጥ ከተዋዋልሁ በኋላ፣ የባለቤትነት መዝገቡን ያጣራው ድርጅት፣ የአሜሪካ ፌደራል ግብር መሥሪያ ቤት የሆነው አይአርኤስ ያስመዘገበውን የ47,000 ዶላር የግብር ዕዳ መያዣ በማግኘቱ ሽያጩ ቆሟል። ቀድሞ የተመዘገበው የባንክ ብድር 340,000፣ የሽያጭ ወጪው ደግሞ 28,000 ዶላር ስለሆነ የሚተርፈው 32,000 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ በ30 ቀን ውስጥ የሚሰጠው ሙሉ ስረዛ ለእኔ አይሆንም።

የቀረኝ መንገድ የተረፈው ገንዘብ ለግብሩ ገቢ ሆኖ መያዣው ከዚህ ቤት ላይ ብቻ እንዲነሳ በቅጽ 14135 ማመልከት ነው፤ ቀሪው 15,000 ዶላር በስሜ ይቆያል። ማመልከቻው ከርክክቡ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ እንዲገባ ይጠየቃል፤ የእኔ ቀጠሮ ግን ከዚያ የቀረበ ነው፤ ገዢዋም የብድር ወለዷ ሳይለወጥባት ለመግባት ተስፋ አድርጋለችና እጅግ አሳስቦኛል።

በዚህ ያለፋችሁ ወገኖች፣ የቤቱን ግምትና የርክክቡን ሂሳብ ረቂቅ አያይዤ ጉዳዩ እንዲፋጠን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ቀኑን ማራዘም ይሻል እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።