ሌክቸር እየሰማችሁ ኖት እንዴት ነው የምትይዙት?

ሰላም ለሁላችሁ። የአንደኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዝም ብዬ ስሰማ ይገባኛል፤ መጻፍ ስጀምር ግን ቀጣዩ ሐሳብ ያመልጠኛል።

ትናንት መምህራችን ስለ ኢንሱሊን ሲያስረዳ «ኢንሱሊን የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል» የሚለውን ሙሉውን ጻፍኩ። ስጨርስ እሱ እንዴት እንደሚያደርገው ተናግሮ ወደ ግሉካጎን አልፏል። ማታ ደብተሬን ስገልጥ ውጤቱ አለ፣ ምክንያቱ የለም። ፈተና ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ምክንያቱ ነው!

አሁን በቀስት መጻፍ ጀምሬያለሁ፦ ምግብ → ስኳር ↑ → ቆሽት → ኢንሱሊን → ስኳር ወደ ጡንቻ ሴል → ስኳር ↓። በጣም አፍጥኖኛል። የሚያስቸግረኝ መምህሩ «ነገር ግን» ሲል ነው። ለምሳሌ አንጎል ስኳር ለመውሰድ እንደ ጡንቻ ኢንሱሊን አይጠብቅም አለ። ይሄን የት ላስገባው? ቀስቱ ውስጥ ብከተው ሰንሰለቱ ይበላሻል፤ ብተወው ዋናው ነገር ይቀራል።

ድምፅ መቅዳቱ አላዋጣኝም፤ መልሶ መስማቱ የክፍሉን ያህል ሰዓት ይበላል።

እናንተ እንዲህ ያለውን «ነገር ግን» የት ነው የምትጽፉት? ስያሜውን በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ የሚቀላቅል ካለስ፣ ፈተና ላይ በእንግሊዝኛ ሲመልስ አይቸገርም? እባካችሁ ከቻላችሁ የአንድ ገጽ ኖታችሁን ፎቶ አሳዩኝ።