እናቴ አካውንቷ ላይ ስሜን ላስገባ ትላለች

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ 36,000 ዶላር ቁጠባ አላት። ቢል እንድከፍልላት አካውንቱን የጋራ እናድርገው ትላለች። አዲስ አበባ ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ስትሞት ለሦስታችንም እኩል እንዲደርስ ትፈልጋለች። ችግር ይኖረዋል?

አንድ ወንድም፦ ምንም ችግር የለውም እህቴ። ሁለታችሁም ለየብቻችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለሦስት ይካፈል ብለው ኑዛዜ ካጻፉ አለቀ።

የድሮ የባንክ ሠራተኛ፦ ስለማውጣቱ ልክ ነህ። ስለ ኑዛዜው ግን አይደለም። እዚህ አሜሪካ የጋራ አካውንት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲሞት በቀጥታ ለቀረው ይተላለፋል፤ ኑዛዜው አይነካውም። እናትሽ ሲያልፉ 36,000ው በሙሉ ያንቺ ይሆናል። ለወንድሞችሽ 12,000፣ 12,000 መስጠትሽ በበጎ ፈቃድሽ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንቺ ዕዳ ኖሮብሽ ብትከሰሺና ቢፈረድብሽ፣ አበዳሪው የእናትሽን ገንዘብ ሊያሳግድ ይችላል። የእሳቸው መሆኑን በማስረጃ እስክታሳዩ ድረስ ሂሳቡ ተዘግቶ ይቆያል።

የአሌክሳንድሪያው፦ እኔም አባቴን አካውንቴ ላይ አስገብቼው ነበር። ኤስኤስአይ የሚባለውን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ይቀበላል። በአካውንቱ ያለው 14,000 የእኔ ደመወዝ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ሁሉንም የእሱ አድርጎ ቆጠረው። ድጎማውን ለሚቀበል አንድ ሰው የሚፈቀደው ቁጠባ 2,000 ዶላር ነው፤ ክፍያው ቆመ። የደመወዝ ወረቀቴን አሳይቼ፣ ስሙንም አስወጥቼ ነው የተስተካከለው። እናትሽን እንዳታስገቢ!

ጠያቂዋ፦ አይ፣ የኔ በተቃራኒው ነው። እኔ ነኝ የእሷ ላይ የምገባው። ኤስኤስአይም አትቀበልም።

የድሮ የባንክ ሠራተኛ፦ ምክሩ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፣ ግን ያንቺ ጉዳይ አይደለም። ለእናንተ የሚሻለው አካውንቱ በእናትሽ ስም ብቻ እንዲቀጥል ነው። ለቢሉ ውክልና ይስጡሽ። ውክልናው ገንዘቡን ያንቺ አያደርገውም። ግን እሳቸው ሲሞቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ዶላር እንዳትነኪ። ውክልናውን በሚሰጡሽ ቀን በባንኩ ፎርም ላይ ሦስታችሁን ተጠቃሚ አድርገው ይጻፉ። ሲያልፉ የሞት ማስረጃና መታወቂያ ይዛችሁ የየድርሻችሁን ትወስዳላችሁ። ፍርድ ቤት አያስፈልግም። ብዙ ባንክ ውክልናውን ራሱ አይቶ ካልፈቀደ አይቀበልም፤ አስቀድመሽ ቅጂውን አስገቢ።

አንድ ወንድም፦ ኑዛዜው ይበልጣል መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘን ነው የምንሄደው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ወንድሞቼ እዚህ አይመጡም። ድርሻቸውን እንዴት ይቀበላሉ?

የአሌክሳንድሪያው፦ የኛ ባንክ የአዲስ አበባ አድራሻ አልመዘግብም ብሎኛል።

የድሮ የባንክ ሠራተኛ፦ ባንክ ከባንክ ይለያያል። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ውጭ አገር ያለ ተጠቃሚ ይመዘግባሉ ወይ? ክፍያው በቼክ ነው ወይስ በሐዋላ? በቼክ ብቻ ካሉ ሌላ ባንክ ብታዩ ይሻላል፤ የዶላር ቼክ አዲስ አበባ ላይ መመንዘር ያስቸግራል።