ባለ ሁለት ቁልፍ የሽንት ቤት ፍላሽ፦ የጋራ ግዢው ሐሳብ

ቤት 14፦ ባለፈው ወር ለቦቴ ውሃ ያወጣነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በማኅበሩ ገንዘብ ለሁሉም ቤት ባለ ሁለት ቁልፍ ፍላሽ ይገዛ። አሮጌው ገንዳችን በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ይለቃል። አዲሱ በትልቁ ቁልፍ 6፣ በትንሹ 3 ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ጊዜ ቢለቅ አሁን 225 ሊትር ይሄዳል፤ ከዚያ ውስጥ 5ቱ በትልቁ፣ 20ው በትንሹ ቢሆን 90 ሊትር ይበቃል።

ቤት 22፦ የእኔ ገንዳ ክሬም ነው። የሚለቀቀው በጎን እጀታ ስለሆነ ክዳኑ ቀዳዳ የለውም። አዲሱ ቁልፍ ግን ከላይ ነው የሚገባው፤ ተገዝቶ የሚመጣውም ክዳን ነጭ ነው። ክሬም ገንዳ ላይ ነጭ ክዳን አላስቀምጥም።

ቤት 3፦ ልጄ አውስትራሊያ ነው የምትኖረው። የተከራየችበት ቤት ሁሉ ባለ ሁለት ቁልፍ ነው። ምን ያከራክራል?

ቤት 31፦ ክዳኑ ይበሳ።

ቤት 22፦ ሴራሚክ ሲበሳ ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል? መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ቤት 18፦ ስለ ውሃ ልንነጋገር መጥተን ስለ ክዳን ቀለም ስንነታረክ መሸ።

ቤት 22፦ የእርስዎ ነጭ ስለሆነ ነው።

ቤት 9፦ የቤት 14 ስሌት በወረቀት ላይ ልክ ነው፤ መቀመጫውን ግን ረስቷል። የእኛ መቀመጫ የተሠራው ለ9 ሊትር ነው። በ3 ሊትር ወረቀቱ እንኳ አይወርድም፤ ሰው ደግሞ ይጫናል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980 ስትጀምር መጠኑ 11 እና 5.5 ሊትር ነበር። ወደ 6 እና 3 የወረደው ገንዳውና መቀመጫው አብረው እየተሠሩ ነው። የቤት 3 ልጅ የምትጠቀመው እንዲህ ያለውን ነው፤ እኛ ልንገዛ ያሰብነው የገንዳውን ዕቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይብሳል። ባለ ሁለት ቁልፉ ውሃ የሚይዘው ከሥር ባለች ቀጭን ጎማ ነው። የእኛ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው ደለል ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎማው ሥር ከገባች ውሃው ሌት ተቀን በመቀመጫው ጀርባ ይንሸራተታል፤ ድምፅም የለውም። በሁለት ደቂቃ ሩብ ሊትር ቢያፈስ በቀን 180 ሊትር ነው። ቤት 14 አተርፋለሁ ያለው 135 ነበር። እንግሊዝ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ ከሥር የሚዘጋ ዕቃ በቤት ሽንት ቤት ላይ ያልፈቀደችው ይህን ማፍሰስ ፈርታ ነው።

ቤት 14፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቧንቧ ሠሪ ነዎት። አሮጌው ሲበላሽ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት።

ቤት 9፦ ከዚህ ግቢ ጎረቤት አንድ ሳንቲም ተቀብዬ ከሆነ የከፈለኝ ሰው እዚሁ ይጻፍ።

ቤት 31፦ ሁለታችሁም ተዉ። ቤት 14 ይቅርታ ይጠይቅ።

ቤት 14፦ ስለ ገንዘብ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን አሮጌውስ አያፈስም? የእኔ ጎማ ተቀይሮ አያውቅም።

ቤት 9፦ ያፈሳል እንጂ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ይለካ የምለው። ማታ ገንዳው ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። መቀመጫው ላይ ቀለም ከታየ ያፈሳል። ከዚያ የማስገቢያውን ቧንቧ ዝጉና የውሃውን ከፍታ በእርሳስ አስምሩ። ጠዋት ከመስመሩ በጣም ከወረደ ችግሩ የታችኛው ጎማ ነው። ጥቂት ወርዶ ከቆመ ግን ውሃው በትርፍ መውረጃው በኩል እየሄደ ነበር፤ ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ግዢ አያስፈልገውም።

ቤት 18፦ የሁለተኛውን ፎቅ እኔ እለካለሁ።

ቤት 5፦ አራተኛውን ለእኔ ተዉት። ቀለሙንም እኔ እገዛለሁ።

ቤት 18፦ ከስድስቱ ቤቶች ሦስቱ ላይ ቀለም ታይቷል። ሁለቱ የጎማ ችግር ነው፣ አንዱ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ነው። ቤት 5 የት ደረሱ?

ቤት 31፦ ቤት 5 ስልክ አያነሱም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ለፍላሹ የተያዘው ገንዘብ ለጎማና ከጣሪያው ሮቶ መውጫ ላይ ለሚገባ የደለል ማጣሪያ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ማጣሪያው ሲገባ ሮቶው ባዶ ስለሚሆን በዚያው ይታጠብ ተብሏል።

ቤት 3፦ ሮቶው ከተከፈተ ፓምፑም ይታይ። እኛ ጋ ከሁሉ በኋላ ነው ውሃ የሚደርሰው።

ቤት 14፦ ፓምፕ ከየት መጣ? ያቀረብኩት ፍላሽ ነበር። ቢያንስ መቀመጫውን ጭምር ለሚቀይር ቤት ማኅበሩ ግማሹን ይሸፍን።

ቤት 9፦ መቀመጫውም አብሮ ከተቀየረ እኔም እደግፋለሁ። የመለዋወጫ ጎማው መርካቶ እንደሚገኝ ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ጎማው ከጠፋ ሙሉ ዕቃው ነው የሚጣለው።

ጸሐፊ፦ ለእሑድ ስብሰባ የተያዙት የፓምፕ ዋጋ፣ ማጣሪያ እና ጎማ ናቸው። የቤት 14 ሐሳብ ጊዜ ከተረፈ ይታያል።

ቤት 22፦ መቀመጫው የሚቀየር ከሆነ ክሬም ይኖራል?