ጥቆማ፦ የበጀት ማብራሪያ የሚጽፍልን ሰው እንቅጠር፣ ቴምፕሌት እንግዛ ወይስ ራሳችን እንሞክረው?

የደብረ ብርሃኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለን ትንሽ የሴቶች ማኅበር ነን። 60 ሴቶችን በዶሮ እርባታ ለማሠልጠን ለአንድ የውጭ ፋውንዴሽን ፕሮፖዛል እያዘጋጀን ነው። የሥራው ክፍል ተጽፎ አልቋል፣ የበጀቱ ሠንጠረዥም አለ። የቀረን እያንዳንዱ ወጪ ለምን እንዳስፈለገና እንዴት እንደተሰላ የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ሦስት አማራጭ አለን። አዲስ አበባ ያለ አማካሪ ከሚገኘው ገንዘብ 8 በመቶ ክፈሉኝ ይላል። ቴሌግራም ላይ በ1,500 ብር የሚሸጥ የኤክሴል ቴምፕሌት አለ። ሦስተኛዋ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣልን የራሳችን ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? የቀረን ሦስት ሳምንት ነው።

ግንበኛው
መሬታችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ ፋውንዴሽኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ በደንብ አስቆፍሩ።
ቆይ፣ አሁን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ይቅርታ እህቴ 😀

አንዴ የተበላሁ
ቴምፕሌቱን ተዪው። እኔ ተመሳሳይ ነገር ገዝቼ ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ቀለም በቀለም ነው። ስሞላው ግን የዶላሩ ድምር አልገባኝም አለ። ለካ B3 ላይ አንድ ዶላር በ28 ብር ተብሎ ተቆልፏል! ማን መቼ እንደሠራው እንግዲህ አስቡት። ማብራሪያ የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ በሁሉም መስመር «ይህ ወጪ ለፕሮጀክቱ ስኬት እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ተደርድሯል። ፋውንዴሽኑ የራሱ ቅጽ ካለው ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ከሜሪላንድ
እኔ እዚህ ትንሽ በጎ አድራጎት ውስጥ አግዛለሁ። አንድ ነገር ልጠቁምሽ፦ ለአስተዳደር ወጪ ማብራሪያ አያስፈልግም። 10 በመቶ በቀጥታ ይፈቀዳል፣ ዝም ብለሽ አስገቢው።

ፕሮፖዛል አንባቢዋ
የሜሪላንዱ ወንድሜ፣ ያልከው ሕግ አለ፣ ግን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነው የሚሠራው። እሱም ቢሆን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። የግል ፋውንዴሽን የራሱን ጣሪያ ራሱ ያወጣል፣ ምንም የማይፈቅድም አለ። እዚህ አገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተቀመጠው 20 በመቶ አለ። ብዙ ሰው «ሕጉ 20 ስለሚፈቅድ 20 እንጠይቅ» ይላል። ያ ድርጅቱ ከጠቅላላ ገቢው ለአስተዳደር ሊያውለው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለጋሹ የመክፈል ግዴታ አይደለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለጋሽ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ፕሮፖዛል አንብቤያለሁ። በመቶኛ የሚጠይቀውን አማካሪ እርሺው። 8 በመቶው የትኛው መስመር ላይ ሊጻፍ ነው? ፕሮፖዛል የማጻፊያ ወጪ ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት የወጣ ስለሆነ አብዛኛው ፋውንዴሽን አይከፍልም። ሥልጠናው ወይም ትራንስፖርቱ ውስጥ ተሸጉጦ ከሆነ ደግሞ ኦዲት ሲመጣ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። በቀን ሒሳብ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ የሥልጠናውን መስመር እዚህ ለጥፊልን።

የደብረ ብርሃኗ
እሺ እህቴ። አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ «ሥልጠና፣ 262,200 ብር። ለ60 ሴቶች የሚሰጥ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ሲሆን ምግብ፣ አዳራሽ፣ አሠልጣኝና ሌሎችን ያካትታል።» ዝርዝሩ ማስታወሻ ደብተር ላይ አለን። ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 20 ሴት፣ አራት አራት ቀን። ምሳና ሻይ ለአንድ ሰው በቀን 450፣ አዳራሽ በቀን 3,500፣ ሁለት አሠልጣኞች እያንዳንዳቸው በቀን 2,500፣ ለሠልጣኝ ትራንስፖርት በቀን 100፣ ደብተርና እስክሪብቶ በሰው 200።

ፕሮፖዛል አንባቢዋ
ይኸው፣ ማስታወሻ ደብተርሽ ከጽሑፍሽ ይበልጣል! እኔ በጀት ሳነብ የሥራ ዕቅዱን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። ዕቅዱ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ በጀቱ ላይም ያው መሆን አለበት። «ሌሎች» የሚል ቃል ካየሁ አሰምርበታለሁ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ሥልጠናው በሦስት ዙር፣ በየዙሩ ለ20 ሴቶች ለአራት ቀን ይሰጣል፤ በድምሩ 12 የሥልጠና ቀን ነው። ምሳና ሻይ ለ20 ሠልጣኞች፣ ለሁለት አሠልጣኞችና ለአንድ አስተባባሪ፦ 23 ሰው በ12 ቀን በ450 ብር፣ 124,200 ብር። ዋጋው በከተማው ካሉ ሁለት ምግብ ቤቶች ከተወሰደ ፕሮፎርማ ዝቅተኛው ነው። ምሳ በአዳራሹ የሚቀርበው ብዙዎቹ ሴቶች ከገጠር ቀበሌ ስለሚመጡና ለምሳ ሄደው መመለስ ስለማይችሉ ነው።»

ከዚያ አዳራሹ 42,000፣ አሠልጣኞች 60,000፣ ትራንስፖርት 24,000፣ ጽሕፈት መሣሪያ 12,000። ድምሩ ያው 262,200 ይመጣል። ብሩ አልተቀየረም፣ የሚጠይቀኝ ነገር ግን አለቀ። «ለምን» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን አስተውዪ። ስለ ሴቶች መብት እዚህ ጋ ሁለት አንቀጽ የሚጽፉ አሉ፤ እሱ ሌላ ቦታ ተጽፏል።

የሒሳብ ሰው
ጥሩ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚያመልጠውን ልጨምር፣ ደመወዝ። አስተባባሪዋ በወር 18,000 ብር የሚከፈላትና ጊዜዋን 60 በመቶ ለዚህ ሥራ የምታውል ከሆነ በዓመት 129,600 ነው። የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ፣ 14,256 ይጨመራል። ሰዎች ይህችን ይረሱና በኋላ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ቀሪው 40 በመቶ ከየት እንደሚከፈልም ጻፉ። አለዚያ «ሌላ ለጋሽም ሙሉውን እየከፈለ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል።

እኔም የገዛ ሠራተኛችሁን እመክራለሁ። ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ናት። አማካሪ ካስፈለገ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለአንድ ቀን አንብቦ እንዲያርም በቀን ሒሳብ ቅጠሩት። እና የዋጋ ንረት እንዳትረሱ፣ መጠባበቂያ 10 በመቶ አስገቡ።

ፕሮፖዛል አንባቢዋ
መጠባበቂያው ላይ አልስማማም። ብዙ ፋውንዴሽን «መጠባበቂያ» የሚል መስመር ሲያይ ይሰርዘዋል። ጭማሪው በየመስመሩ ዋጋ ውስጥ ይግባ፣ ሦስተኛው ዙር ከስምንት ወር በኋላ ስለሆነ ይህን ያህል ጨምረናል ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

የሒሳብ ሰው
በየመስመሩ ከተበተነማ ማን ይቆጣጠረዋል? ለኔ ለብቻው መቀመጡ ይሻላል። መመሪያቸው የሚለውን አንብቡ።

የወሎው
ስለ ዶላር ማንም አላነሳም። የኛ በጀት በዶላር ጸድቆ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 አካባቢ የሠራነው ሒሳብ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ደስ አለን፣ ቶሎ ግን የሁሉም ዕቃ ዋጋ ተከተለው። ፋውንዴሽኑም «ትርፉን በምን ልታውሉት ነው?» ብሎ አዲስ ማብራሪያ ጠየቀን። ማብራሪያችን ላይ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ ምንዛሪ እንዳሰላን አልጻፍንም ነበርና ትርፉን ለማስላት እንኳ መነሻ አጣን። አንድ መስመር ናት፣ ከላይ ጻፏት።

የደብረ ብርሃኗ
እግዜር ይስጣችሁ። አማካሪውን ትተነዋል፣ ቴምፕሌቱንም። ሒሳብ ሠራተኛችን ለሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን ልትመጣ ተስማምታለች። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ቀበሌው አዳራሹን በነፃ እሰጣችኋለሁ ብሏል። እንግዲህ 42,000ውን ላጥፋው?

ፕሮፖዛል አንባቢዋ
አታጥፊው። የማኅበሩ አስተዋፅኦ የሚል ዓምድ ካለ ወደዚያ አዙሪው። ከፋውንዴሽኑ የምትጠይቁት 220,200 ይሆናል።

የሒሳብ ሰው
ደብዳቤ ሳትይዙ ግን እንዳታስገቡት። በቃል የተሰጠ አዳራሽ በሥልጠናው ቀን ለስብሰባ ይፈለጋል።

የደብረ ብርሃኗ
ሰኞ ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ። ማኅተም ያዡ ካለ።