በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀም ተከራዮች ሂሳቡን እንዴት እንካፈል?

አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ አከራያችንን ጨምሮ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ያለፈው ወር መብራት 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥሮ 2,400 ብር መጣ፤ እኩል ተካፍለን 480 ብር ደረሰብኝ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ያለኝ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ማታ ምግብ የማሞቅበት ምድጃ ነው። የአከራያችን የእትዬ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል።

በክፍሌ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ ላስገባ አስቤአለሁ። ለምሳሌ 40 ቢያነብ በአማካይ ዋጋ 240 ብር እከፍላለሁ። ሆኖም ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ የራሴ ቆጣሪ ቢኖረኝ ከዚያም ያንስልኝ ነበር። በአማካዩ ልስማማ ወይስ በዝቅተኛው እርከን ይታሰብልኝ ልበል? ውሃውን በሰው ቁጥር ብንካፈል ይበቃኛል።

እትዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ሳላስቀይማቸው እንዴት ላንሳው? እባካችሁ፣ የደረሰባችሁ ምከሩኝ።