አባትየው አልፈርምም ካለ ልጅን ወደ ካናዳ መውሰድ ይቻላል?

ጠያቂዋ፣ አዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። ከልጄ አባት ጋር ከተፋታን ሁለት ዓመት አለፈን። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። እዚሁ አዳማ ወረዳ ፍርድ ቤት "ከእናቷ ጋር ትኑር፣ አባቷ በየቅዳሜው ይያት" ብሎ ወስኗል። አሁን ካልጋሪ ያለው ባለቤቴ ስፖንሰር ሊያደርገን ነው። IMM 5604 የሚባለው ፎርም ግን የአባትየውን ፊርማ ይጠይቃል። እሱ ደግሞ "አንቺ ሂጂ፣ ልጄ ንቅንቅ አትልም" አለኝ። ልጅቷ ለእኔ ተወስናልኝ የለ? የሱ ፊርማ ለምን ያስፈልጋል?

ከቶሮንቶ
ፍርድ ቤት ላንቺ ከሰጠ አለቀ እኮ! ውሳኔውን አስተርጉመሽ አያይዢ። ካስቸገረሽም ልጅቷን ፎርሙ ላይ አትጻፊያት። ገብተሽ ስትረጋጊ ታመጫታለሽ።

ጋሼ፣ ኤድመንተን
ኧረ በስመ አብ! ሁለተኛውን ምክር እንዳትሰሚ። አዳማ 11 ዓመት ጥብቅና ሠርቻለሁ፣ እዚህ መጥቼም ብዙ ሰው በዚህ ሲጎዳ አይቻለሁ። ልጅቷ አብራሽ ባትሄድ እንኳ ማመልከቻሽ ላይ መጻፍ አለባት፣ የጤና ምርመራም ማድረግ አለባት። ሳትጻፍና ሳትመረመር ከቀረች፣ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰር ላምጣት ስትዪ በሩ ሊዘጋብሽ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። "ከእናቷ ጋር ትኑር" ማለት አባትየው ወላጅ መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም። ያው ውሳኔ ቅዳሜን ለሱ ሰጥቶታል። ካልጋሪ የገባች ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ልትገኝ አትችልም። ስለዚህ ይዘሻት ስትወጪ ውሳኔውን ራስሽ አፈረስሽው። መጀመሪያ ማስለወጥ አለብሽ።

የልጅ ጉዳይ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ እንደገና ይታያል። እዚያው ፍርድ ቤት፣ የድሮውን መዝገብ ጠቅሰሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንድ፣ ልጅቷ ያለ አባትየው ፊርማ ከአገር እንድትወጣ ይፈቀድ። ሁለት፣ የመገናኛው ጊዜ ይቀየር። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳዋል። ዳኛው የሚጨነቀው ግን እሱ ላይ ነው። አባትየው ልጁን በምን ያገኛታል? "ይደውላል" ብቻ ካልሽ ፋይልሽ ደካማ ነው። "ቅዳሜ በአዳማ ማታ 2 ሰዓት በቪዲዮ፣ በየሁለት ዓመቱ ክረምት አዳማ አያቷ ቤት፣ ትኬቱን እኔ" ብለሽ ከጻፍሽ ዳኛውም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ውሳኔው ሲወጣ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ማስተርጎም አይቀርም፤ የቶሮንቶው ወንድማችን እዚህ ላይ ልክ ነው።

የሃዋሳ አባት
ይቅርታ፣ እኔ ግን የዚያን አባት ወገን ነኝ። እኔም ፈርሜ ነበር። "ለሁለት ወር እረፍት ነው" ተብዬ። ልጄ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። እዚህ ክስ ከፍቼ አሸነፍኩ፣ ወረቀቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። ለመሆኑ የፈረምኩትን መሻር እችላለሁ?

ጋሼ፣ ኤድመንተን
ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ያንተ ጥያቄ ሌላ ነው፣ መሻሩም አሁን ልጁን አይመልስልህም። ኢትዮጵያ በልጅ ጠለፋ ላይ በፈረንጅ 1980 የወጣውን የሄግ ስምምነት አልተቀበለችም። ካናዳን የመሰለ አገር ስምምነቱ ውስጥ ቢሆንም፣ እኛ ስለሌለንበት ያ መንገድ አይሠራልህም። ልጁ ያለበት አገር ጠበቃ ይዘህ እዚያው መክሰስ ነው ያለው።

እህቴ፣ የልጅሽ አባትም የሚፈራው ይሄንኑ ሊሆን ይችላል። ዳኞችም ያውቁታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ለእናት ይፈቀዳል ብዬ አልዋሽሽም። በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ከሆነ ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ከጠፋ ወይም ቀለብ ካቋረጠ ሌላ ነው። ሚዛኑ የልጅቷ ጥቅም ነው፤ ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ይህን ነው። እዚያ ልጁን ያሳደገችው አክስት ነበረች፣ አባትየው ወላጅ ስለሆነ ብቻ ልጁን አላገኘም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም የልጅን ጥቅም ነው የሚያስቀድመው። ታዲያ እሱ በእውነት ቅዳሜ ይመጣል?

ጠያቂዋ፣ አዳማ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይመጣል። ዝናብም ቢዘንብ አይቀርም። ለዚህ ነው የሃዋሳው ወንድሜ የጻፈው ሆዴን ያባባው።

ጋሼ፣ ኤድመንተን
እንዲያ ከሆነ ክስ ከመክፈትሽ በፊት ሽማግሌ ላኪ። የሚስማማ ከሆነ በቃል እንዳይቀር። ቅዳሜው፣ ክረምቱ፣ ትኬቱ ሁሉ ይጻፍና ስምምነቱን ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አጽድቁት። ፎርሙን ከዚያ በኋላ ይፈርማል።

ከቶሮንቶ
ልጅቷን አትጻፊያት ያልኩትን ተዪው። አላውቅም ነበር።

ጠያቂዋ፣ አዳማ
ትናንት ማታ በአጎቱ በኩል አናገርነው። ክረምት ክረምት ከመጣች አስባለሁ ብሏል። ትኬት ላይ ግን ተጣልን። "በየዓመቱ፣ ሙሉውን አንቺ" ነው የሚለው። እኔ በየሁለት ዓመቱ ብያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ለሁለታችንም አልመለሰልንም።