ጥቆማ፦ የልብስ ፎቶ ጀርባ ለማጽዳት ፎቶ ቤት ይሻላል ወይስ ስልክ? (ደሴ)

ዘይነብ ሸዋበር
ሰላም ለሁላችሁ። ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ፤ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና አባያ ነው የምሸጠው። ቴሌግራም ላይ የምለጥፈው ፎቶ ጀርባው ላይ ማዳበሪያ፣ መሰላል፣ የጎረቤት ባልዲ ሳይቀር ይታያል። ፎቶ ቤት ጠይቄ በአንድ ፎቶ 40 ብር አሉኝ። 60 ልብስ ስላለኝ 2,400 ብር መሆኑ ነው። በስልኬ ራሴ ብሠራውስ? remove.bg እና Photoroom የሚባሉ አሉ ብለውኛል። የቱ ይሻለኛል? ስልኬ ሳምሰንግ ነው፣ ውዱ አይደለም።

የጦሳ ልጅ
Photoroom። ፎቶውን ትሰጪዋለሽ፣ ጀርባውን ራሱ ያነሳዋል፣ አለቀ። ነፃው ላይ የራሱን ምልክት ጥግ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

አብዱ ኮምቦልቻ
ነጭ ጀርባ ከሆነ የምትፈልጊው እዚህ ኮምቦልቻ ጎበዝ ልጅ አለ። ለፓስፖርት 10 ደቂቃ አይፈጅበትም።

የጦሳ ልጅ
ወንድሜ፣ ልብስ ነው ያለችው። ቀሚሱ ዱባይ ሊሄድ ነው እንዴ?

ሙና
ፎቶ ቤት ባትሞክሪው ይሻልሻል እህቴ። እኔ ወይን ጠጅ አባያ ሰጥቻቸው ደማቅ ቀይ አድርገው መለሱልኝ። ሳላስተውል ለጠፍኩት፤ ሦስት ደንበኞች «ያየሁት ይሄ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ታምሩ ፒያሳ
ሁሉም ፎቶ ቤት አንድ ነው ማለት አይቻልም። የኛ ሰፈሩ የሠርግ ፎቶ ሳይቀር ይሠራል፣ አንድም ቀን ተበላሽቶብን አያውቅም። ካሜራቸው ትልቅ ነው።

ሙና
ካሜራው ትልቅ ሆነ ማለት አባያዬ ቀይ ሆነ ማለት ነው?

ሰይድ ካሜራ
ካሜራው አይደለም ሙና። ጀርባውን ለማንጣት ፎቶውን በሙሉ አብርተውት ነው። ጀርባውን ብቻ ሳይለዩ ብርሃን ሲጨምሩ ወይን ጠጁ አብሮ ይፈካና ቀይ ይመስላል። በዚያ ላይ ሱቅ ውስጥ አምፖል በርቶ በር ተከፍቶ ከተነሳ፣ አንዱ ጎን ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ይላል። ስልክ አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉ ይጥፋ፤ በበሩ ብርሃን ብቻ ይነሳ። ደመና ወይም ጉም ያለበት ረፋድ ከፀሐዩ ይሻላል፣ ጥላው ይለሰልሳል። በዚህስ ደሴ አታሳጣንም።

ዘይነብ ሸዋበር
ሁለቱንም ሞከርኳቸው። አባያው ደህና ወጣ። ነጩ ነጠላ ግን ዘርፉ ግማሹ ተበልቷል፣ ትከሻው ላይም የተነከሰ ይመስላል። ሌላው ደግሞ ስልኬ ላይ ጀርባው ባዶ የነበረው ቴሌግራም ላይ ስልከው ጥቁር ሆኖ ወጣ! ምን አጠፋሁ?

ሐጂ ጨርቃ ጨርቅ
ልጄ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሪ፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። እኛ ሁሌ ነጭ ነው።

ሰይድ ካሜራ
ሐጂ፣ ለአባያ እውነትዎን ነው፤ ጥቁሩ ከነጭ በደንብ ይለያል። ለነጠላ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። መተግበሪያው የልብሱን ጠርዝ በደንብ እንዲያገኘው የቀለም ልዩነት ይረዳዋል። ነጭ ዘርፍ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲሆን የቱ ክር የቱ ግድግዳ እንደሆነ ስለማይለየው አብሮ ይቆርጠዋል።

ዘይነብ፣ ጥቁር የሆነብሽ በፋይሉ ዓይነት ነው። ባዶ ጀርባ የሚይዘው PNG ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኪው ወደ JPEG ይቀየራል፤ JPEG ደግሞ ባዶ የሚባል ነገር ስለማያውቅ በጥቁር ወይም በነጭ ይሞላዋል። መተግበሪያው ውስጥ እያለሽ ጀርባውን ቀለም ሙዪውና ከዚያ አስቀምጪ። remove.bg በነፃ የሚሰጥሽ ደግሞ ትንሽ ፎቶ ነው፣ ሩብ ሜጋፒክስል ገደማ። ደንበኛ ጥበቡን ልየው ብላ ስታሰፋው ይደበዝዝባታል።

ለነጠላው መቁረጡን ተዪው። ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አንሶላ ፈልጊ፣ የማያብረቀርቅ ይሁን፣ በካውያ ተኩሺው። ግድግዳው ላይ ስቀዪው። ነጠላውን ከሱ አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት አምጥተሽ በገመድ አንጠልጥዪ። ከተጠጋ ጥላው አንሶላው ላይ ያርፍና ጠርዙ ቆሻሻ ይመስላል። በሩ ከጎንሽ ይሁን እንጂ ከነጠላው ኋላ እንዳይሆን።

ከዚያ በ Snapseed ክፈቺው፣ ነፃ ነው። Tools ውስጥ Brush፣ ከሱ Exposure ምረጪ፣ ቁጥሩን 0.7 አድርጊና አንሶላውን ብቻ በጣትሽ ቀቢ። ጠርዙ ጋ ስትደርሺ ፎቶውን አስፊው፤ ባሰፋሽው ቁጥር ብሩሹ ለፎቶው ይቀጥናል። ነጠላውን ከነካሽ ቁጥሩን 0 አድርገሽ ድገሚበት፣ ይጠፋል። የዓይን ምልክቷን ስትነኪ የቀባሽው በቀይ ይታያል፣ ያመለጠሽን ቦታ የምታገኚው በዚያ ነው። ዘርፉ ውስጥ አትግቢ። ከዘርፉ በታች ጣት የምታህል ቦታ ሳትቀቢ ተዪ፤ አንሶላው አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ ማንም አያስተውለውም።

የጦሳ ልጅ
ለ60 ልብስ እንዲህ ሲቀባ ዓረፋ ይደርሳል 😄

ሰይድ ካሜራ
ለ60ው ማን አለ? አባያውንና ባለቀለሙን በመተግበሪያው ትቆርጣለች። ይሄ ለነጩ ብቻ ነው።

ታምሩ ፒያሳ
ይሄ ሁሉ ድካም ለ40 ብር? የኛ ፎቶ ቤት ብትወስጂው ማታ ትቀበያለሽ።

ሙና
ቀይ አድርገው 😏

ዘይነብ ሸዋበር
ግራጫ አንሶላ ከቤት አምጥቼ እንዳልከኝ አደረግኩ። ነጠላው ዘርፉ ሳይጎድል ወጣ፣ አረንጓዴ ጥበቡም ክሩ ይቆጠራል! አሁን ደግሞ ጥቁሩ አባያ ነው አመድ የመሰለው። ስሱ ሻሽም አለኝ፤ ጀርባውን ሳነሳው የድሮው ግድግዳ ውስጡ ይታያል።

ሰይድ ካሜራ
ስልኩ ጥቁር ሲበዛበት ጨለማ ነው ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ለዚያ ነው አመድ የሆነው። ከማንሳትሽ በፊት ስክሪኑ ላይ አባያውን ንኪው፤ የብርሃን መስመር ይመጣልሻል፣ ጥቁሩ ጥቁር እስኪሆን ቀንሺው። ግን የጥልፉ ዶቃ እንዳይጠፋ እያየሽ። ለነጠላው ተቃራኒው ነው፣ ትንሽ ጨምሪለት። ስሱ ሻሽ አይቆረጥም፤ በጨርቁ ውስጥ የሚታየው ግድግዳ የፎቶው አካል ሆኗል። ደንበኛ እንድታየው የምትፈልጊው ጀርባ ላይ ዘርግተሽ አንሺው።

የጦሳ ልጅ
አዲሶቹ ሳምሰንጎች ጋለሪ ውስጥ ልብሱን ተጭነሽ ስትይዢው ራሱ ይቆርጠዋል። ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

ሰይድ ካሜራ
ውዱ አይደለም ብላለች እኮ። ቢኖረውም ነጭ በነጭ ላይ ያው ነው።

ሐጂ ጨርቃ ጨርቅ
እኔ አሁንም ነጭ ነው የምለው። ንጹሕ ነው፣ ዓይን ይስባል።

አብዱ ኮምቦልቻ
ያ ግራጫ አንሶላ ከየት ነው? እኛ ጋ የሚገኘው ሁሉ አበባ ያለበት ነው።

ሙና
ዘይነቤ፣ በመጨረሻ በምኑ ልትቀጥዪ ነው? Photoroomን ከፈልሽ ወይስ?

ሰላም ቧንቧ ውሃ
አረንጓዴ ጥበብ ያለው ነጠላ ስንት ነው?

ዘይነብ ሸዋበር
@ሰላም በውስጥ አናግሪኝ